ታንኩ በእውነት ስንት ሊትር ይይዛል?

ጥያቄ፦ «የታንኬን ውስጡን ለካሁት። ርዝመቱ 150፣ ስፋቱ 110፣ ቁመቱ 105 ሴንቲ ሜትር ነው። ሳባዛው 1,732,500 መጣልኝ። ይሄ ሊትር ነው እንዴ?»

እህቴ፣ ማባዛቱ ልክ ነው። የመጣልሽ ግን ሊትር ሳይሆን ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። በሁሉም ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ልክ አንድ ሊትር ይይዛል። 10 በ10 በ10 ደግሞ 1,000 ነው። ስለዚህ ቁጥርሽን ለ1,000 አካፍይው፤ 1,732.5 ሊትር ይሆናል። በሜትር ከለካሽ ግን 1.5 × 1.1 × 1.05 ብለሽ በ1,000 ታባዢያለሽ። ያው ነው፤ ብቻ ሴንቲና ሜትር እንዳትቀላቅዪ።

ውስጡን በመለካትሽ ደግሞ ከእኔ ትሻያለሽ። እኔ የሲሚንቶ ታንኬን የለካሁት በውጭ በኩል ነበር። 200 በ150 በ100፤ ድፍን 3,000 ሊትር! ደስ ብሎኝ በቦቴ 3,000 ሊትር አዘዝኩ። ታንኩ ጢም ብሎ መፍሰስ ሲጀምር ቦቴው ላይ ገና ብዙ ውሃ ነበር። ለካ ግድግዳውም ወለሉም 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ግድግዳው በሁለቱም ጎን ስላለ ከርዝመቱም ከስፋቱም 30፣ 30 ይቀነሳል፤ ከቁመቱ ደግሞ የወለሉ 15። የቀረው 170 በ120 በ85 ነው፤ 1,734 ሊትር። የቀረውን ሲሚንቶው በልቶታል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። 105 የታንኩ ቁመት ነው፤ ውሃው ግን እዚያ አይደርስም። የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ከአፉ ስንት ዝቅ ይላል? 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውሃው 95 ላይ ይቆማል፤ 1,567.5 ሊትር ማለት ነው። ወደ ቤት የሚወስደው ቧንቧም ብዙ ጊዜ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚገጠመው፣ ደለሉን እንዳይስብ። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ከዚያ በታች ያለው ውሃ ለአንቺ እንደሌለ ቁጠሪው። የምትጠቀሚበት 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 1,485 ሊትር።

እኔ ሁሌ የምይዘው አንድ ቁጥር አለ፦ ርዝመት በስፋት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል። የአንቺ 16.5 ነው። ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 16.5 ሊትር ገባ ማለት ነው። ልኬትሽን የምታረጋግጪውም በዚሁ ነው። ውሃ ካለበት ከፍታ ላይ ምልክት አድርጊና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ጊዜ ጨምሪበት። ውሃው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። 13 ከሆነ ታንኩ ካሰብሽው ይጠባል፤ ምናልባት የለካሽው ከልስኑ በፊት ይሆናል። ልስኑ በየግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ከወሰደ 16.5 የነበረው ወደ 15.5 ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ታንኩ ውስጥ ንጹህ ዘንግ መስደድ ብቻ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ከረጠበ 5ቱን ቀንሺና 35ቱን በ16.5 አባዢ፤ የምትጠቀሚበት 577.5 ሊትር ነው።