ያለቀውን ስክሪፕት መልሶ መፍታት፦ ለጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከአዘዞ በባጃጅ መጥቶ 108 ገጽ ስክሪፕት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልሎታል። ፕሮዲውሰሩ ፊልሙ ከ100 ደቂቃ እንዳይበልጥ አስጠንቅቆታል። ልጁም «የተረፈው ስምንት ገጽ ነው፣ ጋሼ፤ ከዚህም ከዚያም ንግግር ባሳጥር ይበቃል» አለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ አስብ ነበር። አንድ ጽሑፌን ከዚህ አንድ ቃል፣ ከዚያ አንድ ቃል እየለቀምኩ ሳምንት ሙሉ ደክሜ፣ በመጨረሻ ያተረፍኩት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነበር። ታሪኩ እንደ ድሮው ይንዛዛል፤ ንግግሩ ብቻ ሻካራ ሆነ።

በቅድሚያ ስለ ገጽና ደቂቃ ላስረዳችሁ። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው» የሚለው ልማድ የመጣው ከአሜሪካ ነው። የሚሠራውም በእነሱ ወረቀት፣ ባለ 12 ነጥብ ኩሪየር በሚባለው ፊደልና ንግግርን በጠባብ ዓምድ በሚያስቀምጠው አጻጻፍ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ብዙ ንግግር በጥቂት ቦታ ይገባል። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን የገጹን ህዳግ እንደፈለግን እናደርጋለን። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ የሚነግራችሁ ገጹ አይደለም፤ ሰዓት ይዞ ማንበብ ነው።

ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት ግን ስክሪፕቱን በቢት መፍታት አለባችሁ። ቢት የምንለው በታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር የሚለወጥበትን ትንሹን ክፍል ነው። ያላወቀው ያውቃል፣ የፈቀደው ይከለክላል፣ የተደበቀው ይገለጣል። አንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት ቢት ሊይዝ ይችላል፤ አንድም የሌለው ትዕይንትም አለ፤ ፍለጋችንም በዋናነት እሱን ነው።

ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ቢት፣ ቢት ለሌለው ትዕይንትም፣ አንድ መስመር፦ ማን ምን አደረገ፣ በዚህም ምን ተለወጠ፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ። የመጀመሪያውን ቀን ጽፎ ያመጣልኝ ሁሉ ከንቱ ነበር፤ ምክንያቱም ከስክሪፕቱ ሳይሆን ከራሱ ትውስታ ነበር የጻፈው። «ስለ ብድሩ ይነጋገራሉ» ብሎ ጽፏል። መነጋገር ቢት አይደለም። «ወንድምየው የብድር ውሉን ይፈርማል፤ ከዚህ በኋላ ቤቱ መያዣ ነው» ሲባል ግን ቢት ነው። ጸሐፊ በልቡ ያሰበውን ገጹ ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ የታተመውን ጽሑፍ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል፣ የምታዩትን ብቻ ጻፉ። «ምን ተለወጠ» የሚለው ቦታ ባዶ ሲቀር በብልሃት ለመሙላት አትሞክሩ፤ ባዶውን ተዉት። ከ61 ትዕይንቶች ዘጠኙ ባዶ ቀሩ።

ከዚያ ሰዓቱ መጣ። ንግግሩን ጮክ ብሎ፣ ተዋናይ በሚናገርበት ፍጥነት ማንበብ ነው። ድርጊቱን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ እየተራመዱ፣ በር እየከፈቱና እየዘጉ መለካት ነው። እዚህ ላይ ወረቀት ክፉኛ ያታልላል። ልጁ ስለ ከተራ «ሕዝቡ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፤ እሷ ወንድሟን ትፈልጋለች» ብሎ በሁለት መስመር ጽፏል። ከተራን አይቶ የሚያውቅ ጎንደሬ ያ በሁለት መስመር እንደማያልቅ አይጠፋውም። ሲለካ ሦስት ደቂቃ ተኩል ሆነ። ጠቅላላው ሲደመር 127 ደቂቃ መጣ። የሚቀነሰው ስምንት ገጽ ሳይሆን 27 ደቂቃ ነበር ማለት ነው። ልጁ ዝም አለ፤ እኔም ቡና እንዲቀርብልን አደረግሁ።

ታሪኩ ይህ ነው። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ልብስ የምትሰፋ እህት አለች። ወንድሟ አባቱ በስሙ ያወረሰውን፣ እናታቸው የምትኖርበትን ቤት በድብቅ አስይዞ ይበደርና በመተማ በኩል ሰሊጥ ሊነግድ ይሄዳል። ይከስራል፣ ይጠፋልም፤ እህቱ በጥምቀት ሰሞን ታገኘዋለች። ጥሩ ታሪክ ነው። ልጁ «መሃሉ ይጎትታል» ብሎ መሃል ላይ ያለውን የቡና ትዕይንት ሲከረክም ነበር የከረመው። ዝርዝሩ ያሳየው ግን ሌላ ነው።

ውሉ የሚፈረመው በ31ኛው ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ታሪኩ ገና አልተነሳም። ደቂቃዎቹን ማን በላቸው ብለን ወደ ላይ ስንወጣ የፋሲል ግቢን ከአራት አቅጣጫ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ከዚያም ቁስቋምን አገኘን፤ በድምሩ ዘጠኝ ደቂቃ። እኛ ጎንደሮች ካሜራ ስናገኝ ግንቡን ሳናሳይ አናልፍም። ግንቡ ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ምንም አያደርግም። ሁለት ደቂቃ አስቀርተን ሰባቱን አወጣን። የቀሩት ሁለት ደቂቃዎችም እህት ግቢውን ታክካ ወደ ሱቋ ስትሮጥ የምትታይባቸው ናቸው።

ትልቁ ጉድ ከመሃሉ ተገኘ። ተመልካቹ ወንድምየው ሲፈርም ያያል፤ ሦስት ደቂቃ። ወንድምየው ለጓደኛው ይናዘዛል፤ አራት። ጓደኛው ለእህት ይነግራታል፤ አምስት። እህት ለእናት ትነግራለች፤ አምስት። አንዱ ወሬ አራት ጊዜ፣ 17 ደቂቃ። ልጁ ሲጽፍ አልታየውም፤ ምክንያቱም በየትዕይንቱ የሚሰማው ሰው አዲስ ነው። ተመልካቹ ግን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ የሚያውቀውን ሦስት ጊዜ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የትዕይንቶቹ ንግግር አንድ በአንድ ሲነበብ እንከን የለውም፤ ስለዚህ ቃል በመቀነስ ይህ በሽታ አይገኝም። መስመሮቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው «ምን ተለወጠ» በሚለው ስር «ስለ ብድሩ አወቀ፣ ስለ ብድሩ አወቀች፣ ስለ ብድሩ አወቁ» የሚል የምታነቡት።

መፍትሔው ሁሉንም እኩል ማሳጠር አልነበረም። ወሬው የትኛው ጆሮ ሲገባ ነው ታሪኩ የሚታጠፈው ብለን ጠየቅን። የእናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለቅቃ ልትወጣ ትወስናለች። ወንድምየው ለጓደኛው የሚናዘዝበትና እህት ከጓደኛው የምትሰማበት ትዕይንቶች ወጡ። በምትካቸው እህት የወንድሟን ኮት ልትሰፋ ስትቀበል ከኪሱ የውሉን ግልባጭ የምታገኝበት፣ ንግግር የሌለው የአንድ ደቂቃ ቢት ገባ። የእናትም ትዕይንት ወሬው ከተነገረ በኋላ ተጀመረ፤ ወረቀቱ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ እሷ ስኒ ታጥባለች። አምስቱ ደቂቃ ሦስት ሆነ። በድምሩ አሥር ደቂቃ ተረፈ፤ ፊልሙም ፈጠነ ከማለት ይልቅ ጠነከረ ማለት ይሻለኛል።

ሌላው ሰላምታ ነው። ሃያ ሁለት ትዕይንት «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» ብሎ ይጀምርና «በሉ ደኅና ዋሉ» ብሎ ያልቃል። እያንዳንዱ ወደ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው፤ ሲደመር ሰባት ደቂቃ ገደማ። ጨዋነታችን ነው፤ አልነቅፈውም። ትዕይንቱ ግን ሰዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ተጀምሮ ከመነሳታቸው በፊት ሊቆረጥ ይችላል። አንዱን ብቻ እንዳይነካ አልኩት፤ በመጀመሪያው ትዕይንት እህት ወንድሟን አገላብጣ ስማ የምትቀበለውን። በመጨረሻ ስታገኘው ሰላም አትለውም፤ ዝምታዋ የሚሰማው ያኛው ሰላምታ ሙሉ ከሆነ ነው። ከሰላምታውና ከግንቡ የተነሳ ውሉ የሚፈረምበት ሰዓት ወደ 22ኛው ደቂቃ መጣ።

እስካሁን 24 ደቂቃ ወጥቷል። የቀሩትን ሦስት ልጁ ብቻውን ሊጨርስ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ደስ ብሎት ተመለሰ። ከባዶዎቹ ትዕይንቶች ሁለቱን፣ የአበዳሪውን ሁለተኛ ጉብኝትና እህት በወንድሟ ሸሚዝ አንገት ላይ ጥልፍ የምትጠልፍበትን፣ አውጥቶ ልክ 100 አድርሶታል። ጉብኝቱ ምንም አላጎደለም። ጥልፉ ግን ፊልሙን ገደለው። በከተራው ሕዝብ መካከል፣ ሁሉም ነጭ በለበሰበት፣ እህት ወንድሟን የምትለየው በዚያ ጥልፍ ነው። ትዕይንቱ ሲወጣ መጨረሻው ተአምር ሆነ፤ ያለ ምክንያት ዞር ብላ ታየዋለች።

ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ አንድ ዓምድ ሳላስጨምረው ቀርቻለሁ። ከእያንዳንዱ መስመር ዳር «ይህ በኋላ የት ይፈለጋል» የሚል ቦታ ክፈቱ፤ የሚፈለግበትን የትዕይንት ቁጥር ጻፉ። አንድ ትዕይንት በቦታው ምንም ሳይለውጥ ከ50 ትዕይንት በኋላ ለሚመጣ ነገር ዘር ሊሆን ይችላል። የሚወጣው «ምን ተለወጠ» የሚለውም፣ «የት ይፈለጋል» የሚለውም ባዶ የሆነው ነው። ቁጥር ያለበትን ማውጣት ከፈለጋችሁ ዘሩን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ትከሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም መጎተት በርዝመት አይመጣም። ከእያንዳንዱ ቢት አጠገብ ለዋናዋ ሰው ነገሩ ቢሻላት የመደመር፣ ቢከፋባት የመቀነስ ምልክት አድርጉ። በልጁ ዝርዝር በመሃል ስድስት መቀነስ ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ተመልካች ቀጣዩንም ቀድሞ ስለሚያውቀው ረጅም ይመስላል። እዚያ አልቆረጥንም። እህት የሠርግ ልብስ ትዕዛዝ የምታገኝበትን ትዕይንት ከኋላ አምጥተን መሃላቸው አስገባን። ደቂቃው ያው ነው።

ጥልፉ ሲመለስ ድምሩ 102 ሆነ። ልጁ «ሁለቷን ደቂቃ ከየት ላምጣ?» አለኝ። ከየትም አታምጣ አልኩት። ዝርዝሩን ለፕሮዲውሰሩ ይዘህ ሂድ፤ የጥልፉን መስመር በጣትህ አሳየው፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ገልብጠህ የከተራውን አሳየው፤ የትኛው ይውጣ ብለህም ጠይቀው። ወረቀቶቹን በዚያው ፌስታል ጠቅልሎ ሄደ።