የደመና ሥር ለምን ዝርግ ይሆናል?

«የከሰዓት ደመና ከላይ እንደ ጥጥ ተቆልሎ ሥሩ ግን ዝርግ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሌላ ቀንስ ሰማዩን ሙሉ የሚሸፍነው?»

በፀሐይ የጋለ መሬት በላዩ ያለውን አየር ስለሚያሞቀው አየሩ ቀልሎ ይነሣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ለመስፋትም የራሱን ሙቀት ስለሚጠቀም በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ጤዛ መሆን የሚጀምርበት የሙቀት መጠን ግን በዚያው ርቀት በ0.2 ዲግሪ ያህል ብቻ ይወርዳል። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ሙቀት 22፣ የጤዛው ደግሞ 12 ዲግሪ ቢሆን፣ የ10 ዲግሪው ልዩነት በየ100 ሜትሩ በ0.8 እየጠበበ ከመሬት 1,250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልቃል፤ ተኑም እዚያ በጥቃቅን ብናኞች ላይ ተጠራቅሞ ጠብታ ይሆናል። በአካባቢው የሚነሣው አየር ሙቀቱና እርጥበቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ከፍታ ይደመናል፤ ዝርግ ሆኖ የሚታየው ሥር ይህ ከፍታ ነው።

ተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ፣ አየሩ ከዚያ በላይ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው፤ ከዙሪያው ሞቆ እስከቆየም ድረስ እየተቆለለ ያድጋል። ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ሰፊ የአየር ንጣፍ በአንድነት ቀስ ብሎ ሲነሣ ነው፤ ከበላዩ ሞቃት አየር ካለ ደግሞ ወደ ላይ መቆለል ስለማይችል ወደ ጎን ይዘረጋል።