ያልተለመደ ስም ለድምፅ ሶፍትዌር ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ከአዘዞ፦ ክሊኒካችን ተራ የሚጠራበት ድምፅ Biadgilign የሚለውን ሲያነብ መጨረሻውን «ላይን» ይለዋል። እንዴት ይስተካከላል?

መልስ፦ የእንግሊዝኛ ድምፅ ስለሆነ፣ align በሚለው ቃል እንደሚያደርገው gን ውጦ ያነበዋል። በቅድሚያ የስሙ ባለቤት ሲናገሩት ቅዱ፤ «ል» እንደሚጠብቅ ከጽሑፉ አታገኙትም። ቀጥሎ ድምፁ በሚያነበው ጽሑፍ ውስጥ አጠራሩን እንዲህ ስጡት፦

```
<phoneme alphabet="ipa"
 ph="bijadɡɨllɨɲ">Biadgilign</phoneme>
```

ይሁንና ድምፁ «ኝ»ን የማያውቅ ከሆነ በተቀራራቢ ይተካዋል ወይም ይዘለዋል። የአማርኛ ድምፅ ካለ ስሙን በፊደላችን ማቅረቡ ይሻላል። በጆሯችሁ ሳታረጋግጡ ሥራ ላይ አታውሉት።

ከማራኪ፦ የማጥበቂያው ነጥብ ፊደሉ ላይ ቢደረግስ?

መልስ፦ ምልክቱ በዩኒኮድ አለ (U+135F)። ድምፁ በሠለጠነበት ጽሑፍ ውስጥ ካልነበረ ግን ለውጥ አያመጣም።

ከፒያሳ፦ እኔ «ቢያድግልልኝ» ብዬ ጽፌ ተሳክቶልኛል።

ከማራኪ፦ በእኔ ግን ሁለቱን «ል» ነጣጥሎ አነበባቸው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የትኛውን ድምፅ እንደተጠቀማችሁ አልገለጻችሁም፤ ይህ ሳይገለጽ ክርክሩ አይፈታም። የሚሞክር ሰው በታካሚዎች መዝገብ ያለውን ስም አይንካ፤ የሚነበበውን ብቻ ይለውጥ፦

```
<sub alias="ቢያድግልልኝ">ቢያድግልኝ</sub>
```

ከአዘዞ፦ ስሙን ሶፍትዌሩ አጠራር በሚያይበት የአጠራር መዝገብ ውስጥ አስገብቼው ብቻውን ሲሆን በትክክል ይነበባል፤ «የቢያድግልኝ ውጤት ደርሷል» ሲል ግን ይበላሻል።

መልስ፦ ከሁሉ በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። አጠራር መዝገብ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ቃልን ከሙሉ ቃል ጋር ያመሳክራል፤ በአማርኛ ደግሞ «የ»፣ «ለ»፣ «ን» እና «ም» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ «የቢያድግልኝ» ለሶፍትዌሩ ፈጽሞ ሌላ ቃል ነው። የphoneme ወይም የsub ምልክቱን ስሙ ላይ ብቻ አድርጋችሁ «የ»ን ውጭ ብትተዉት ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ወይ የምትጠቀሙባቸውን ቅርጾች ሁሉ ለየብቻ መዝግቡ፣ ወይም መልእክቱን «ውጤት ደርሷል፦ ቢያድግልኝ» ብላችሁ ስሙ ብቻውን እንዲቆም አድርጋችሁ አዋቅሩት። ለክሊኒክ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር የሚመዘገበው አንድ ቅርጽ ብቻ ይሆናልና። ስሙንም በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ አስነብባችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ መጨረሻ ላይ ዝቅ ሲል «ኝ» ልትደበዝዝ ትችላለች።

ከቀበሌ 18፦ ስልኬ ስናገር «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብሎ ይጽፍብኛል። ደጋግሜ ልንገረው?

መልስ፦ የእናንተ ጉዳይ ከማንበብ ሳይሆን ከማዳመጥ ወገን ነው። ስልኩ በትክክል ሰምቷል፤ ያልተስማማችሁት በፊደል ምርጫ ነው። ስሙን የምትፈልጉት በመዝገብ ውስጥ ከሆነ ከማመሳከር በፊት ፀ/ጸን፣ እንዲሁም ሐ/ሃን ወደ አንድ ፊደል መልሱ። መደጋገም ብቻውን አያስተምረውም።

ከፒያሳ፦ እኔስ ስሙን በሚጠበቁ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ባስገባው?

መልስ፦ ይረዳል፤ ክብደቱን ከልክ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ግን ማንም ሳይጠራው ስሙን ይጽፋል። ስሙ የሌለበትን ንግግርም አሰሙትና ፈትኑት። የድምፁን ስም ያልጻፈ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ በኋላ አልመልስም።