ሻንጣው ሲሄድ እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል?

ልጆች፣ እኔ ቦሌ ኤርፖርት ቼክ ኢን ካውንተር ላይ ብዙ ዓመት ቆሜ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ እና አሁን የሰፈር ልጅ ውጭ ሊሄድ ሲል "ጋሼ ሻንጣዬን እዩልኝ" እያለ ይጠራኛል። ስሄድ ሁሌ የማገኘው አንድ ነው፣ አልጋ ላይ የተከመረ እቃ እና ከኢንተርኔት የተገለበጠ ረጅም ሊስት፣ ካልሲ፣ ቻርጀር፣ ፓስፖርት፣ በርበሬ፣ ሁሉም እኩል ተደርድሮ። ሊስቱ ላይ የጎደለ ነገር የለም እኮ፣ ግን የቱ መቼ እንደሚፈለግ አይናገርም።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፣ ለትምህርት አሜሪካ የምትሄድ፣ ዋሽንግተን ዳላስ ኤርፖርት ወርዳ ከዛ በሌላ በረራ ሚኒሶታ የምትቀጥል። ፓስፖርቷን ሰጠችኝ፣ ቪዛዋን አየሁ፣ ከዛ አይ-20 ስላት (ትምህርት ቤቱ የሚልከው ወረቀት ነው) "ሻንጣ ውስጥ ነው" አለችኝ። የትኛው? አታውቅም። ሁለቱንም ካውንተሩ ፊት ወለሉ ላይ ዘረገፍናቸው፣ ከኋላዋ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ወረቀቱ የተገኘው ሁለተኛው ሻንጣ ስር፣ ሽሮው እና ፎጣው መሃል። "እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው" አለች። እውነቷን ነው፣ በደንብ ደብቃው ነበር፣ ከራሷም ጭምር።

ባልጠይቃት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሻንጣው ካውንተሩ ጀርባ ያለው ሻንጣ ወሳጅ ቀበቶ ላይ ከወጣ በኋላ የምታገኘው ዳላስ ነው። እዛ ደግሞ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር፣ ከዛ ሻንጣ፣ ከዛ ጉምሩክ ነው። ኦፊሰሩ አይ-20 አምጪ ሲላት ወረቀቱ ገና እሱን አልፋ የምታነሳው ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው! ያኔ ለብቻ ክፍል ይወስዷትና ትቆያለች፣ የሚኒሶታው በረራ ደግሞ አይጠብቃትም።

ስለዚህ ሊስቱን በእቃ ዓይነት ሳይሆን ማን በየት ቦታ ይጠይቀኛል ብላችሁ ስሩት። ቦሌ በር ላይ ፓስፖርት እና ቲኬት፣ ካውንተር ላይ ፓስፖርት ከነቪዛው እና አይ-20፣ ኢሚግሬሽን ጋ ፓስፖርት እና ቦርዲንግ ፓስ፣ ዳላስ ደግሞ የኦፊሰሩ ጥያቄ፣ የት ነው የምትማሪው፣ ማን ነው የሚከፍልልሽ፣ የት ነው የምታርፊው። እነዚህ ሁሉ አንድ ቀጭን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ውስጥ ይግቡ፣ ፓስፖርቱ ከፊት፣ አይ-20 ከኋላው፣ ከዛ የትምህርት ቤቱ የቅበላ ደብዳቤ፣ ከቪዛው በፊት የከፈላችሁት የሴቪስ ክፍያ ደረሰኝ፣ የባንክ ወይም የስፖንሰር ማስረጃ። የምታርፉበትን ሰው አድራሻ እና ስልክ በወረቀት ጻፉት፣ ስልኬ ላይ አለ አትበሉኝ፣ እዛ ስትደርሱ ባትሪው አልቋል፣ ሲሙም አይሰራም። ጥሬ ገንዘብም እዚሁ ነው። ይሄ ቦርሳ ሽንት ቤትም ከእናንተ ጋር ይገባል፣ በቃ።

እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ፣ በረራው ሲሞላ በር ላይ ያሉት ሰራተኞች የእጅ ሻንጣችሁን ተቀብለው ታች ከጭነቱ ጋር ሊልኩት ይችላሉ። ለዚህ ነው ዶክመንቱን የእጅ ሻንጣ ኪስ ውስጥ አታድርጉ የምለው፣ ራሱን የቻለ ቦርሳ ይሁን። መድኃኒት እና ፓወር ባንክም በአንድ እጅ ተጎትተው የሚወጡ ይሁኑ፣ ፓወር ባንክ ታች ጭነት ውስጥ መሄድ ክልክል ነው፣ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል። 20 ሺህ ሚሊአምፒር የሚባለው የተለመደው ችግር የለውም፣ ገደቡ 100 ዋት አወር ነው እና እሱ ወደ 74 ቢሆን ነው።

የእጅ ሻንጣውን እንዲሁ ከላይ ወደታች አስቡት። መጀመሪያ የሚፈልገው ፍተሻው ስለሆነ ላፕቶፕ እና የፈሳሽ ላስቲክ ከላይ ይቀመጡ። እያንዳንዱ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ የማይበልጥ እቃ ውስጥ ሆኖ ሁሉም አንድ ሊትር በምትይዝ ብርሃን በምታሳይ ላስቲክ ነው የሚገባው፣ ማር ደግሞ ፈሳሽ ነው ይባላል፣ ስንት የእናት ማር ፍተሻው ጋ ቀርቶ አይቻለሁ። ከዛ ስር ወንበር ላይ የሚፈለገው፣ ሹራብ፣ ቻርጀር፣ እስክሪብቶ፣ መድኃኒት ከነፋብሪካ ማሸጊያው እና ከሐኪም ማዘዣው ጋር። ከታች አንድ ቅያሪ ልብስ ከውስጥ ሱሪ ጋር፣ ይሄ ሻንጣ ለዘገየበት ሌሊት ነው። ጃንዋሪ ላይ ሚኒሶታ የምትሄዱ ከሆነ ወፍራሙን ጃኬት ልበሱት ወይም ክንዳችሁ ላይ ያዙት፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ካፖርቴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሻንጣው በማግስቱ ነው የደረሰው፣ ያን ሌሊት የተቀበለኝን ሰው ሚስት ጃኬት ለብሼ ነው ያደርኩት።

በርበሬ እና ሽሮ በእጅ አይሆንም። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ (አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ በሉት) በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከያዛችሁ ፍተሻው ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ ታች፣ በድርብ ላስቲክ፣ ሁሉም ምግብ አንድ ሻንጣ ውስጥ እና ከላይ። ለምን ከላይ? ጉምሩኩ ከፈለገ የሚከፍተው እሱን ስለሆነ፣ ልብሳችሁን ሳይበትን ያየዋል። ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት። ምግብ ይዘሃል ወይ ሲላችሁ አዎ በሉ፣ ቋንጣ ግን አትያዙ፣ ስጋ ይወስዱታል። ልብሱን ለሁለቱ ሻንጣ አካፍሉት እንጂ አንዱን የምግብ አንዱን የልብስ አታድርጉ፣ አንዱ ቢዘገይ ሌላው ያለብሳችኋል። ስማችሁን እና የምታርፉበትን ስልክ የያዘ ወረቀት ውስጥም አስቀምጡ፣ የውጪው ታግ ይቀደዳል።

ኪሎው ብዙ ጊዜ ለአንዱ 23 ነው፣ ግን ቲኬታችሁ ላይ እዩት፣ የእጁ ደግሞ 7። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ ሻንጣውን ታቅፋችሁ ቁሙበት፣ ከዛ የራሳችሁን ቀንሱ። 22 ላይ አቁሙት፣ ምክንያቱም የመጨረሻዋ ማታ አክስት በሶ እና ቆሎ ይዛ መምጣቷ አይቀርም።

የአደራ እቃ ነገር። "ይቺን ለእህቴ አድርሽልኝ" የተባለች የታሸገች ፌስታል ፊታችሁ ተከፍታ እያንዳንዱ ነገር ካልታየ አትቀበሉ፣ ካውንተር ላይ ራስህ ነህ ወይ ያሸግከው ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ውስጧ የተገኘው ነገር የእናንተ ነው የሚሆነው። የሚቀየም ይቀየም።

ዳላስ ከወረዳችሁ በኋላ ሻንጣው ላይ ያለው ታግ ሚኒሶታ ቢልም ራሳችሁ ታነሱታላችሁ፣ በጉምሩክ ታሳልፉና ለቀጣዩ በረራ እዛው መልሳችሁ ትሰጣላችሁ። ያቺ ልጅ ይሄን ስነግራት አይ-20ውን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር የምትሰማኝ፣ ሽሮው ግን ወለሉ ላይ ፈስሶ ቀረ።