ዘይቱን መዝኑት፣ ድንቹን አይደለም

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ የምትበላውን እየመዘነች መመዝገብ ከጀመረች ቆይታለች። «እትዬ፣ እስቲ ይሄን እዩልኝ፣ ሒሳቡ እምቢ አለኝ» አለችኝ። አየሁት። አንድ ቀን ላይ 500 ግራም ድንች ጠብሳ 385 ካሎሪ ብላ መዝግባለች፤ ዘይት የሚባል ነገር የለም። ሌላ ቀን ላይ ደግሞ ያንኑ ድንች ጠብሳ ድስቱ ውስጥ የጨመረችውን ግማሽ ሊትር ዘይት በሙሉ ደምራዋለች። ዘይቱ ብቻውን ከአራት ሺህ ካሎሪ በላይ ሆነ።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። እንደሷ የምትመዘግቡ ወጣቶች ብዙ ናችሁና ለእሷ ያሳየኋትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

እኔ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም በዚሁ ነገር ተሳስቻለሁ። የምግቡን ክብደት ከመጠበሱ በፊትና በኋላ መዝኜ ልዩነቱ ዘይቱ ነው ብዬ አስብ ነበር። ግማሽ ኪሎ ድንች ገብቶ ሦስት መቶ ግራም እንኳን ሳይሞላ ሲወጣ ምን ልበል? ክብደቱ ከቀነሰማ ዘይት አልጠጣም ብዬ አንዲት የስኳር ታማሚ እናትን «አይዞሽ፣ ብዙ አይደለም» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንች አብዛኛው ውሃ ነው። የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ የምታዩት አረፋ ውሃው በእንፋሎት ሲወጣ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይቱ እንደ ልቡ አይገባም። ዋናው የሚገባው ድንቹ ከድስቱ ሲወጣ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ይሰበሰብና ላዩ ላይ የተለጠፈውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ድንቹ ውሃ እያጣ ዘይት ያገኛል፣ ሚዛኑ ደግሞ የሚያሳያችሁ የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። ከሱ ዘይቱን ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም። ዘይት ግን እንደ ውሃ ተንኖ አይጠፋም። ከድስቱ የጎደለው ወይ ምግቡ ውስጥ ነው፣ ወይ ሶፍቱ ላይ፣ ወይ ምድጃው ላይ ተረጭቷል።

ቅዳሜ ዕለት እኔ ቤት አብረን ሠራነው። ከመርካቶ የገዛሁትን ድንች ልጠን በጣት ውፍረት ከትፈን 500 ግራም መዘንን። አጥበን በጨርቅ አደረቅነው። ከዚያ ድስቱን ከነዘይቱ፣ ያለ ክዳን፣ ገና እሳት ሳይነካው ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 1,450 ግራም። ይሄን ቁጥር ወዲያው ጻፉት፣ በኋላ አይታወስም። ድንቹ የሚያርፍበትን ሶፍት ሳይቀር መዘንን፤ 4 ግራም ነበር።

ጠብሰን ስናወጣ ባለ ቀዳዳውን ጭልፋ ድስቱ ላይ እንደያዝን ደህና አድርገን አራገፍነው። ይሄ ለሒሳቡ ብቻ አይደለም። ቅድም እንዳልኩት ዘይቱ የሚሳበው ከወጣ በኋላ ስለሆነ በትኩሱ ያራገፋችሁት ዘይት ሳትበሉት የቀረ ዘይት ነው።

ከዚያ ጠበቅን። ትኩስ ድስት የፕላስቲክ ሚዛን ላይ እንዳታስቀምጡ፣ ሚዛኑም ይበላሻል እናንተም ትቃጠላላችሁ። ቡና አፍልተን ጠጥተን ድስቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውስጥ የቀረውን ፍርፋሪ በማጥለያ አወጣነው፤ ካልወጣ እንደ ዘይት ይቆጠርና የጎደለውን አሳንሶ ያሳያል። ድጋሚ ስንመዝን 1,395 ሆነ። 55 ግራም ጎድሏል። ሶፍቱ 11 ግራም ሆኗል፤ ማለት 7 ግራም ዘይት እሱ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ድንቹ ውስጥ የገባው 48 ግራም ነው። ምድጃው ላይ የተረጨችውን ጥቂት ጠብታ ተውናት፤ ድስታችሁ ትንሽ ሆኖ በጣም ከተረጨ ግን በሶፍት ጠርጋችሁ እሷንም መዝኑ።

አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው። የሱፍ ሆነ የሚረጋው የፓልም ዘይት፣ ላዩ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ቢልም ባይልም ያው 9 ነው። 48 በ9 ሲባዛ 432 ይመጣል። ጥሬው ድንች 385 ነበር። ድምሩ 817። እዩት እንግዲህ፣ ከድንቹ ይልቅ ዘይቱ በልጧል! የተጠበሰው ድንች 290 ግራም መዘነ፤ ሦስት ቦታ ስንከፍለው ለአንድ ሰው ወደ 97 ግራም፣ 272 ካሎሪ ሆነ። ከዚያ ውስጥ 16 ግራሙ ቅባት ነው። ልጅቷ ቅባት የሚለው መስመር ላይ ምንም ሳትጽፍ ነበር የከረመችው።

ልኩ መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ? 48ን ለ290 አካፍሉት፤ ከመቶ ወደ 16 ወይም 17 ግራም ይሆናል። በጣት ውፍረት የተከተፈ ድንች ጥብስ ብዙ ጊዜ እዚያው 15 አካባቢ ነው። ሠላሳ ከመጣባችሁ ወይ ዘይት ደፍታችኋል ወይ ስትመዝኑ ተሳስታችኋል። እንደ ወረቀት የሳሳው ችፕስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ዘይት ሊሆን ይችላል። ውስጡ ትንሽ፣ ላዩ ሰፊ ነዋ።

ለሦስት አራት ፍሬ ብላችሁ ደግሞ አትመዝኑ። የኩሽና ሚዛን በአንድ ሁለት ግራም ይሳሳታል። ከ48 ላይ ሁለት ግራም ምንም አይደለም፣ ከ6 ላይ ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው። በዛ አድርጋችሁ አንዴ ሥሩና ውጤቱን ያዙት።

አብዝቼ የማየው ሌላ ስህተት ደብል መቁጠር ነው። አፑ ላይ «የተጠበሰ ድንች» የሚለውን ከመረጣችሁ ዘይቱ እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል፤ እላዩ ላይ ዘይት አትጨምሩ። የመዘናችሁትን ዘይት የምትደምሩት ጥሬ ድንች ብላችሁ ከመዘገባችሁ ብቻ ነው። ከግቢ በር ላይ ስትገዙ የሰውየውን ድስት መመዘን አትችሉም፤ ያኔ የተጠበሰ የሚለውን መርጣችሁ በበላችሁት ክብደት መዝግቡ።

ወጥና ሽሮ ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ለቁሌት የጨመራችሁት ዘይት የሚሄድበት የለውም፣ ሁሉም ይበላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካደረጋችሁ ወደ 28 ግራም ነው፤ ሙሉውን ደምራችሁ ለበላተኛው አካፍሉት።

ልጅቷ ትናንት ማታ ደግሞ የምስር ሳምቡሳ ልትሠራ ተነሳች። 12 ፍሬ። ድስቱን ከነዘይቱ መዝና ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፣ እኔም ሶፍቱን እንዳትረሳ በበሩ በኩል ጮህኩላት።