የቮልቴጅ ምንጭ በሁለት ኖዶች መሃል ሲገባ፦ የሱፐርኖድ አጻጻፍ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ከግራውንድ ወደ ኖድ 1 የሚገባ የ6 ሚሊ አምፔር የከረንት ምንጭ አለ። ከኖድ 1 ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም፣ ከኖድ 2 ወደ ግራውንድ 6 ኪሎ ኦም፣ በሁለቱ ኖዶች መሃል ደግሞ 4 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። ከዚህ ከ4 ኪሎ ኦሙ ጋር ፓራለል የ12 ቮልት ምንጭ ተያይዟል፤ ፕላሱ ኖድ 2 ላይ፣ ማይነሱ ኖድ 1 ላይ ነው። የምንጩን ከረንት በኦም ሕግ መጻፍ ስላልቻልኩ ዜሮ ብዬ አለፍኩት። V1 = 10፣ V2 = 6 መጣልኝ፤ የመልሱ ወረቀት ግን 6 እና 18 ይላል። የት ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ስሌትዎ ልክ ነው፤ የሠሩት ግን ሌላ ሰርኪዩት ነው። የምንጩን ከረንት ዜሮ ሲያደርጉ ምንጩን ነቅለው ቦታውን ክፍት ተዉት ማለት ነው፤ 10 እና 6 ቮልት ምንጩ የሌለበት ሰርኪዩት ትክክለኛ መልስ ነው። ይህን ከመልሱ ራሱ ማየት ይቻላል። V2 − V1 ሲያሰሉ −4 ያገኛሉ፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ምንጭ ግን ልዩነቱን +12 አድርጎ ይዞታል።

የቮልቴጅ ምንጭ የሚወስነው የሁለቱን ጫፎች የቮልቴጅ ልዩነት ብቻ ነው። ከረንቱን የሚወስነው የተቀረው ሰርኪዩት ስለሆነ፣ ምንጩን ብቻ አይቶ ስንት እንደሚያልፍበት መናገር አይቻልም። ስለዚህ ዜሮ አንለውም፤ ስም ሰጥተን የማይታወቅ አድርገን እንያዘው። ከኖድ 1 ወደ ምንጩ ማይነስ ገብቶ በፕላሱ በኩል ወደ ኖድ 2 የሚወጣውን ከረንት i እንበለው። ሬዚስተሩን በኪሎ ኦም፣ ቮልቴጁን በቮልት ከጻፍን ከረንቱ በሚሊ አምፔር ይወጣል። ከኖድ የሚወጣውን ፖዘቲቭ አድርገን የኪርቾፍን የከረንት ሕግ በሁለቱም ኖዶች ላይ እንጻፍ፦

```
V1/2 + (V1 - V2)/4 + i = 6
V2/6 + (V2 - V1)/4 - i = 0
```

አሁን ሁለቱን ይደምሯቸው። i ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ ስለሆነ ይጠፋፋል። የ4 ኪሎ ኦሙም ሁለት ቁጥሮች እንዲሁ ይጠፋፋሉ። የሚቀረው ይህ ነው፦

```
V1/2 + V2/6 = 6
```

ሱፐርኖድ የሚባለው ይህ ድምር ነው፤ ሌላ አዲስ ሕግ የለበትም። በተግባር ደግሞ እስከ ድምሩ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እርሳስ ያንሱና ምንጩን፣ ሁለቱን ኖዶችና በመሃላቸው ፓራለል የተያያዘውን ሁሉ በተቆራረጠ መስመር ይክበቡ። ከዚያ ያንን መስመር የሚያቋርጡ ሽቦዎችን ብቻ ይቁጠሩ። በእርስዎ ሥዕል ላይ ሦስት ናቸው፦ የ2 ኪሎ ኦሙ፣ የ6 ኪሎ ኦሙ እና የከረንት ምንጩ። የ4 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ሙሉ በሙሉ ውስጥ ስለቀረ ኢኩዌሽኑ ውስጥ አይገባም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ሬዚስተር ረሳሁ» ብሎ ይደነግጥና መልሶ ይጨምረዋል፤ እንዳይጨምሩት።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ፦ ሁለቱን ኖዶች በአንድ መስመር ከበብናቸው ማለት አንድ ቮልቴጅ አላቸው ማለት አይደለም። በ2 ኪሎ ኦሙ ላይ V1፣ በ6 ኪሎ ኦሙ ላይ V2 ይጻፋል። ለሁለቱም አንድ V ከጻፉ 9 ቮልት ይመጣል፤ ያ ምንጩ በሽቦ ሾርት የተደረገበት ሰርኪዩት መልስ ነው።

እስካሁን ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮችና አንድ ኢኩዌሽን ነው ያለን። ሁለተኛው ከምንጩ ይመጣል፦

```
V2 - V1 = 12
```

V2 = V1 + 12 ብለን ስንተካ 4V1 = 24 ይሆናል፤ V1 = 6፣ V2 = 18። በ2 ኪሎ ኦሙ 3 ሚሊ አምፔር፣ በ6 ኪሎ ኦሙም 3 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፤ ድምራቸው ከገባው 6 ጋር እኩል ነው። የምንጩን ከረንት ለማግኘት ወደ ኖድ 2 ብቻ ይመለሱ። በ6 ኪሎ ኦሙ 3፣ በ4 ኪሎ ኦሙ ወደ ኖድ 1 ደግሞ 12/4 = 3 ስለሚወጣ i = 6 ሚሊ አምፔር ነው። የተውነው የ4 ኪሎ ኦም ሬዚስተር የሚፈለገው እዚህ ነው፤ የኖዶቹን ቮልቴጅ ባይለውጥም የምንጩን ከረንት ይለውጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን የሁለተኛው ኢኩዌሽን ምልክት ነው። V1 − V2 = 12 ብለው ቢጽፉ V1 = 12፣ V2 = 0 ያገኛሉ። ይህን በከረንት ሕግ ሲያረጋግጡት 12/2 + 0/6 = 6፣ ልክ ነው ይልዎታል! የፓወር ድምሩም ይመጣል። ምክንያቱም ያገኙት ምንጩ ተገልብጦ የገባበት ሰርኪዩት ትክክለኛ መልስ ነው፤ የከረንት ሕግ ደግሞ ባትሪው በየት በኩል እንደገባ አያውቅም። ስለዚህ የከረንት ማረጋገጫ ይህን ስህተት አይዝም። የሚይዘው ወደ ሥዕሉ ተመልሶ ማየት ብቻ ነው፦ የፕላሱ ኖድ ሲቀነስ የማይነሱ ኖድ ከምንጩ ዋጋ ጋር እኩል ነው። ይህን መስመር የከረንቱን ኢኩዌሽን ከመንካትዎ በፊት፣ ዓይንዎ ሥዕሉ ላይ እንዳለ እንዲጽፉት እመክራለሁ።

ፈተና ላይ ምንጩ ጥገኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ በ12 ቮልቱ ፋንታ በ2 ኪሎ ኦሙ ወደ ግራውንድ የሚወርደውን ከረንት 4 ኪሎ ኦም ጊዜ የሚሰጥ ምንጭ ቢሆን፣ የተቆራረጠው መስመርና የከረንቱ ኢኩዌሽን እንዳሉ ይቆያሉ። የሚለወጠው ሁለተኛው ብቻ ነው፦ V2 − V1 = 4(V1/2)፣ ማለትም V2 = 3V1። ከረንቱን ወዲያውኑ በኖድ ቮልቴጅ ካልተኩት ሦስተኛ የማይታወቅ ይዘው ይቀራሉ። ሲፈቱት እንደገና 6 እና 18 ይመጣል፤ ሆን ብዬ የመረጥኩት ቁጥር ነው።

ምንጩ አንድ ጫፉ ግራውንድ ላይ ከሆነ ግን ሱፐርኖድ አይሥሩ፤ የሌላው ጫፍ ቮልቴጅ ያለ ስሌት ይታወቃል።

መልስዎን በኮምፒውተር ማየት ከፈለጉ ይህን LTspice ላይ ያስገቡ፦

```
* supernode
I1 0 1 6m
R1 1 0 2k
R2 2 0 6k
R3 1 2 4k
Vs 2 1 12
.op
.end
```

V(1) 6፣ V(2) 18 ያሳይዎታል። I(Vs) ግን −6 ሚሊ አምፔር ይላል፤ ፕሮግራሙ በምንጩ ፕላስ በኩል የሚገባውን ከረንት ፖዘቲቭ ስለሚያደርግ ነው፤ የእኛው i ደግሞ በፕላሱ የሚወጣው ነው።