ማቅላት ሌላ፣ ማንጣት ሌላ

«ሰላም ለሁላችሁ። የሠርግ ፎቶ ሳስተካክል ደንበኞች ፊታቸውን ቀላ እንዳደርግላቸው ይጠይቁኛል። ብርሃኑን ስጨምር ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ፍላሽ የበዛበትን ፊት ሳጠቁረው ደግሞ ጭቃ የተቀባ ይሆናል። ጥፋቴ የት ላይ ነው? የምሠራው በፎቶሾፕ ነው።»

ወንድሜ፣ እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ፊት ሳስተካክል አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የጻፍከውን ጥፋት ሁሉ ሠርቼዋለሁ። የማይረሳኝ ግን በአንዲት ሙሽራ ላይ የሠራሁት ነው። ፎቶው የተነሣው በፋሲል መዋኛ ቅጥር ውስጥ፣ ሥራቸው የድንጋዩን ግንብ አቅፎ በያዘው ዛፎች ጥላ ሥር ነበር። ልጅቷ ጠይም ናት። «ትንሽ ቀላ ብል» አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ አነጣኋት። እናቷ አልበሙን ገልጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ይህች የእኔ ልጅ ናት? አመድ ላይ ያደረች አስመሰልካት እኮ» አሉኝ። አልበሙን በራሴ ወጪ እንደገና አሳተምኩ።

እናትየው ያዩትን እኔ ያላየሁት ደንበኞቻችን የሚናገሩትን ቃል በቅጡ ስላልሰማሁ ነው። በእኛ ቋንቋ ቆዳው ፈካ ያለው ሰው «ቀይ» ይባላል እንጂ «ነጭ» አይባልም። ከዚያ ወረድ ሲል ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እያልን እንሄዳለን። ፊት ነጣ የምንለው ሰውዬው ሲታመም፣ ሲደነግጥ ወይም ቅባት አጥቶ ቆዳው ሲደርቅ ነው። ሙሽራዋ ቀላ ልበል አለች፣ እኔ አነጣኋት። ሁለቱ በኮምፒውተር ውስጥም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ልዩነቱን ለማየት በፎቶሾፕ የ`Info` መስኮት ክፈትና አንዱን ንባብ `RGB`፣ ሌላውን `HSB` አድርገው። ጠቋሚውን ጉንጭ ላይ ስታሳርፈው የቆዳው ቀለም በቁጥር ይነበባል። የሰው ቆዳ፣ የቀይም ሆነ የጥቁር ሰው፣ በደህና ብርሃን ሲነሣ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ይበልጣል። ቡናማ ማለት የጠቆረ ብርቱካንማ ነውና። ለምሳሌ 150፣ 105፣ 78 የሚነበብ ጠይም ጉንጭ እንውሰድ። በ`HSB` የመጀመሪያው ቁጥር 23 ዲግሪ ያህል ነው፤ ይህ ቀለሙ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ ማዘንበሉን ይነግርሃል። ሁለተኛው 48 በመቶ ነው፤ እርሱ ደግሞ የቀለሙን ድምቀት ይለካል።

አሁን በሦስቱም ላይ 50 ብትደምር 200፣ 155፣ 128 ይሆናል። ዲግሪው አልተነካም፣ ድምቀቱ ግን ወደ 36 ወረደ። ቡና ላይ ወተት ጨመርክበት ማለት ነው፤ አመዱ ይኸው ነው። ሦስቱንም በአንድና ሲሶ ብታባዛ ግን 200፣ 140፣ 104 ታገኛለህ፤ ድምቀቱ እዚያው 48 ላይ ነው። የፀሐይ ብርሃን በአንድ ፊት ላይ ሲበረታ የሚሆነው ይህ ነው፤ ብርሃን ያበዛል እንጂ አይደምርም። ስለዚህ በ`Curves` የታችኛውን የግራ ጫፍ ወደ ላይ አታንሣ፤ እርሱ ድመራ ነው። የላይኛውን የቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ግፋ፤ `Input` ላይ 212 ሲነበብ ሁሉን በ1.2 አባዝተሃል። ከ212 በላይ የነበረው ሁሉ ግን ድፍን ነጭ ስለሚሆን፣ ሥራውን በማስክ ቆዳው ላይ ብቻ አስቀረውና በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ብሩሹን አሳልፈህ አንሣለት።

ይህን ያህሉን ማወቅ ብቻ ግን ያቺን ሙሽራ አያድናትም ነበር። ፊቷ ላይ የራሷ ያልሆነ ቀለም ነበረና። ቆዳ የራሱ መሠረተ ቀለም አለው፤ አንዱ ጠይም ወደ ቀይ፣ ሌላው ጠይም ወደ ቢጫ ያደላል፤ በእኔ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ መካከል አገኘዋለሁ። በዚያ ላይ ከአካባቢው የተዋሰው ቀለም ይደረብበታል። ዛፍ ሥር ስትቆም ፀሐይዋ ተጋርዳ የሚያበራልህ ሰማዩ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ የዞረው ቆዳ ሰማያዊ ይዋሳል። ከታች ደግሞ ሣሩ አረንጓዴውን ወደ አገጭና ወደ አንገት ይመልሳል። በጠቆረ ፎቶ ላይ ይህ ብድር ተደብቆ ይኖራል፤ ዓይን አይለየውም። ስታፈካው ግን ብድሩም አብሮ ፈክቶ ይወጣል። ያነጣሁት ሙሽራዋን ብቻ ሳይሆን በፊቷ ላይ ያረፈውን ሰማይና ሣርም ጭምር ነበር።

ፋይሉ እስካሁን አለኝ፤ ቁጥሩን ልንገርህ። ጉንጯ 118፣ 94፣ 86 ይነበባል፤ 15 ዲግሪ፣ ድምቀቱ 27 በመቶ ብቻ። ከአገጯ ሥር ያለው ጥላ 74፣ 68፣ 46 ነው፤ ይህ 47 ዲግሪ ነው፣ ከቆዳ ቀለም ወጥቶ ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ አቅጣጫ የሄደ። በአንድ ፊት ላይ፣ በአራት ጣት ርቀት ውስጥ፣ 32 ዲግሪ ልዩነት! ያን ጊዜ በጉንጯ ላይ 40 ደመርኩና 158፣ 134፣ 126 አደረግሁት፤ ድምቀቱ 20 በመቶ ላይ ወደቀ። እናትየው አመድ ያሉት እርሱን ነው።

በሁለተኛው ሥራ መጀመሪያ ብድሩን መለስኩ። ጥሬ ፋይሉን ከፍቼ `Temperature` ወደ ሞቃት ስገፋ ጉንጩ 126፣ 94፣ 74 ሆነ፤ 23 ዲግሪ፣ 41 በመቶ። እስካሁን አላፈካሁትም፤ እርሷ ግን ከወዲሁ ቀላ አለች! ብዙ ደንበኛ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ከዚህ አልፎ ማፍካት የማያስፈልግበት ጊዜ ይበዛል። ለአገጩ ሥር ደግሞ ሌላ `Curves` ከፍቼ፣ ማስኩን እዚያ ጥላ ላይ ብቻ አሳርፌ፣ የአረንጓዴውን መስመር 68 የነበረው 57 እስኪሆን ዝቅ አደረግሁት። ዲግሪው ወደ ጉንጯ ቀረበና አንገቷ ከፊቷ ጋር ታረቀ። በመጨረሻ በ1.2 አባዛሁት፤ ጉንጯ 151፣ 113፣ 89። እናትየው ይህኛውን ሲያዩ ምንም አላሉም። ዝምታቸው ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብድሩን ለመመለስ ብዙዎቻችን የነጭ ማስተካከያውን ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ላይ እንጫናለን፤ ነጭ ነው ብለን። ብዙ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ግን ልብስ የነጣ እንዲመስል ሰማያዊ ፍካት የሚሰጥ ነገር አለ፤ በዚያ የታጠበ ነጠላ ከቤት ውጭ በካሜራ ሲነሣ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። እርሱን ነጭ ነው ብለህ ለኮምፒውተሩ ስትነግረው ፊቱ ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ይሆናል። የዓይን ነጭና ጥርስም አይታመኑም። ግራጫ ካርድ ርካሽ ነው፤ ሙሽሮቹን ባቆምክበት ቦታ ሁሉ አንድ ጊዜ አስይዘህ አንሣ። ስቱዲዮህ ውስጥ ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ቀባው፤ ከዚያ የሚመለሰውን ቀለም በየፎቶው ስታነሣ ዕድሜህ ያልቃል።

ወደ ጭቃው ልመለስ። ፍላሽ ያነጣው ፊት ላይ አባዛ ያልኩህ ምክር በተቃራኒው አይሠራም። ለምሳሌ 236፣ 205፣ 182 የሚነበብ ጉንጭ ድምቀቱ 23 በመቶ ነው። በ0.85 ብታባዛው 201፣ 174፣ 155 ይሆናል፤ ጠቆረ፣ ድምቀቱ ግን እዚያው 23 ላይ ነው፤ በእጅ የተለወሰ ሸክላ። በ`Curves` መካከለኛውን ነጥብ፣ 128 የነበረውን ወደ 64 ብታወርደውና ሁለቱን ጫፎች ባትነካ ግን ያው ጉንጭ ወደ 221፣ 169፣ 133 ይወርዳል፤ ድምቀቱ ወደ 40 ይወጣል፣ ዲግሪው ከ26 ወደ 25 ቢል ነው። ጤነኛ ቆዳ ይመስላል። ያንኑ መስመር በደህና ብርሃን በተነሣው በዚያ በ150ው ጉንጭ ላይ ብትሞክር ግን ድምቀቱ 70 ይደርስና ጡብ ይሆናል። ፍላሽ ያነጣውን በመካከለኛው ነጥብ፣ ደህና ብርሃን ያለውን በ`Exposure` አጥቁር። ቀዩ 255 ላይ ከተደፈነ ግን ቀለሙ ጠፍቷል፤ ወደ ጥሬው ፋይል ተመለስ፣ ጥሬ ፋይል ከሌለህ ያንን ፎቶ ከአልበሙ አውጣው።

ጭቃው ሁልጊዜ ከቀለም ብቻ አይመጣም። የጠቆረ ፊት ቅርጹ የሚታወቀው በብልጭታው ነው፤ በግንባሩ፣ በአፍንጫው አጥንትና በጉንጩ አናት ላይ በሚያርፈው ብርሃን። ያ ብልጭታ የቆዳው ሳይሆን የመብራቱ ቀለም ነው፤ ከቆዳው ወለል ላይ ነጥሮ የሚመለስ ነው። ሁሉንም እኩል ስታጠቁር ብልጭታው ግራጫ ይሆንና ፊቱ እርጥበቱን ያጣል። መካከለኛው ነጥብ የሚሻልበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው፤ የላይኛውን ጫፍ ስለማይነካ ብልጭታው ብልጭታ ሆኖ ይቀራል።

በ`HSL` ውስጥ ያለውን `Orange` የሚባለውን መጎተቻ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ቶሎ ስለሚያፈካ። እኔ በሙሽራ ፎቶ ላይ ትቼዋለሁ። ብርቱካንማ የሆነ ነገር ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ የአንገት ወርቁ ይገረጣል፣ የጥለቱ ክር ይደበዝዛል። ከሁሉም የባሰው እጅ ነው። ሙሽራዋ እንሶስላ ሞቃ ጣቶቿና መዳፏ ቀልተው ሳለ፣ በዚያ መጎተቻ ፊቷን ስታፈካ እንሶስላው ታጥቦ የለቀቀ ይመስላል። ፊቷን በማስክ አፍክተህ እጇን ስትረሳው ደግሞ፣ ጉንጯ ላይ ያሳረፈችው እጅ የሌላ ሰው እጅ ይሆናል። እኔ ለእጅ የራሱን `Curves` እከፍትለታለሁ፤ የእጁን ጀርባ ከፊት ጋር እኩል አባዛለሁ፣ እንሶስላ የነካቸውን ጣቶችና መዳፉን ግን ከማስኩ አወጣቸዋለሁ።